የአንድ ቀን ሀብት፦ በሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠባይ ላይ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ለቪዛ ተብሎ ከባንክ የሚወጣው የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ሎጎውን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙንና ሁለቱን ፊርማ ትተን ብንቆጥር የሚቀረን ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። አንደኛው ስምና የሂሳብ ቁጥር ጠርቶ ደንበኝነትን ይመሰክራል። ሁለተኛው በዕለቱ የሚገኘውን ቀሪ ሂሳብ በአሃዝም በፊደልም ያስቀምጣል። ሦስተኛው ደግሞ ደብዳቤው በደንበኛው ጥያቄ የተሰጠ መሆኑን አስታውሶ፣ በባንኩም ሆነ በፈራሚዎቹ ላይ ምንም ዓይነት ኃላፊነት እንደማያስከትል ያሳውቃል።

የዚህን ጥናት አቅራቢ ወደ ጉዳዩ የሳበው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ምስክር ቀርቦ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ ከወንበሩ ሲነሣ «ለተናገርኩት ግን አልጠየቅም» ቢል የትኛውም ዳኛ መነጽሩን ያወልቃል። ኤምባሲዎች ግን መነጽራቸውን ሳያወልቁ ይቀበሉታል። ያለዚያ ዓረፍተ ነገር የወጣ ደብዳቤ አየሁ የሚል ሰውም እስካሁን አልተገኘም።

ባንኩ እንዲህ መጠንቀቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ አንድ ቅጽበት ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈርሞ ስድስት ሰዓት ላይ ደንበኛው ገንዘቡን ሙልጭ አድርጎ ቢያወጣ፣ ደብዳቤው ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱ ግን አድራሻ ቀይሯል። ስለዚህ ባንኩ «ነበር» ይላል እንጂ «ይኖራል» አይልም፤ ዋስ መሆንማ ጭራሽ አያስበውም። በልማድ ግን አመልካቹም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም ይህን ወረቀት የሀብት ምስክር ወረቀት አድርገው ይይዙታል። ከዚህ አለመግባባት ወደሚመጣው ጣጣ በኋላ እንመለሳለን።

ደብዳቤውን ማግኘት በራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ የሚጀምረው በሌላ ደብዳቤ ነው። «ጉዳዩ፦ የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ» ተብሎ በእጅ የሚጻፍ ማመልከቻ አለ፤ ወረቀቱን ደንበኛው ይዞ ይመጣል፣ እስክሪብቶውን ከጎኑ ከተሰለፈው ሰው ይዋሳል። ቀጥሎ «የትኛው ኤምባሲ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይህን እንደ ወሬ መጠየቅ የሚቆጥሩት አሉ፤ ተሳስተዋል። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚባል ይልቅ የኤምባሲው ስም ቢጻፍበት ይመረጣል፤ ለጀርመን የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ጣሊያን የሚሄድ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ያስቀይማል።

ፊርማው ሌላ ምዕራፍ ነው። ባንኩ ሂሳቡ ሲከፈት የተወሰደ የፊርማ ናሙና አለው። ደንበኛው ያኔ ተማሪ ነበር፤ ፊርማውም ሙሉ ስሙን በቁልምልም ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምርበት ነበር። ዛሬ የሚፈርመው አንዲት ጭረት ብቻ ነው። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ስክሪኑን አየት፣ ወረቀቱን አየት ታደርግና «ጋሼ፣ ፊርማዎ አይመሳሰልም» ትላለች። ሰውዬው የራሱን የወጣትነት ፊርማ አስመስሎ ለመፈረም ቆሞ ሲለማመድ ማየት በየትኛውም ቅርንጫፍ ይቻላል። ሕጉ ይህን አስመስሎ መፈረም ይለዋል፤ የሚያስመስለው ግን ራሱን ስለሆነ እስካሁን ክስ አልተመሠረተም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው እዝባሯ ናት። ባንኩ ደብተሩን ሲከፍት ስሙን የወሰደው ከቀበሌ መታወቂያ ነው፤ መታወቂያው ላይ ደግሞ ቦታ ጠቧቸው ገብረ መድኅንን ገ/መድኅን፣ ወልደ ማርያምን ወ/ማርያም ብለውታል። ሲስተሙ እዝባሯን እንዳለች ወደ እንግሊዝኛ አሻገራት። ፓስፖርቱ ግን ስሙን ዘርዝሮ ይጽፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ገ/መድኅንና ገብረ መድኅን አንድ ሰው መሆናቸውን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት የመጣ የቆንስላ ሠራተኛ ግን የሚያየው አንድ ፓስፖርት ያለው ሰው እና አንድ ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ስለመተዋወቃቸው ማስረጃ አልቀረበለትም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርቱን ይዞ ሄዶ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ስሙ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲስተካከል መጠየቅ። ቀላል የሆነው ግን ከመታተሙ በፊት ነው። ከታተመና ሁለት ሰው ከፈረመበት በኋላ አንደኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ቀኑንም በዚያው ማየት ይገባል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ያለ ምንም ማብራሪያ ከተቀመጠ፣ ትናንት የወጣው ወረቀት በአንባቢው ዘንድ ሰባት ስምንት ዓመት ሻግቶ ይገኛል።

የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ ለፈላስፎች የሚተርፍ ጥያቄ ያስነሣል። ክፍያው የሚቆረጠው ከዚያው ከሚመሰከርለት ሂሳብ ነው። ደብዳቤው ቀሪ ሂሳቡን ከጻፈ በኋላ ክፍያው ከተነሣ፣ በሂሳቡ ያለው ገንዘብ በደብዳቤው ከተጻፈው ማነሱ የተረጋገጠ ነው፤ ያሳነሰውም ደብዳቤው ራሱ ነው። ይህ በተግባር የሚያስቸግረው ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘው ስቴትመንት በሌላ ቀን ሲወጣ ነው፤ የስቴትመንቱ የመጨረሻ መስመርና የደብዳቤው ቁጥር ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት፣ ተከታትለው ያስወጣሉ፤ ሁለቱም ላይ ማኅተሙ በየገጹ መኖሩንም ሳያዩ ከቆጣሪው አይርቁም።

አሁን ወደ ዶላሩ እንምጣ። ብዙ ደብዳቤዎች ከብሩ ቀጥሎ «በዕለቱ የምንዛሪ ተመን ይህን ያህል የአሜሪካ ዶላር ይሆናል» የሚል ሐረግ ይጨምራሉ። ይህ ዶላር ልዩ ፍጥረት ነው። ያንኑ ደብዳቤ ይዞ፣ ወደዚያው ባንክ፣ ሁለት መስኮት አልፎ ሄዶ «እንግዲያው ስጡኝ» የሚል ሰው ቢኖር ዶላሩ እንደሌለ ይነገረዋል። ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ቪዛ የተመታበት ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት ላቀረበ ነው፤ መጠኑም በመመሪያ የተወሰነ ነው። ኤምባሲው «ውጭ የምታወጣው ገንዘብ እንዳለህ አሳየኝና ቪዛ ልስጥህ» ይላል፤ ባንኩ «ቪዛ አሳየኝና ውጭ የምታወጣውን ልስጥህ» ይላል። በመካከል ያለው አመልካች የሁለቱንም አክብሮት የተሞላበት መልስ ይዞ ታክሲ ይጠብቃል።

የዚህን ዶላር ጠባይ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሰው በሂሳቡ 582,350 ብር አለው እንበል። ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ደብዳቤ ቢያስጽፍ፣ አንድ ዶላር 58 ብር ገደማ ነበርና ከ10,000 ዶላር በላይ ያለው ሰው ይባላል። ቅዳሜና እሑድን ቤቱ ተኝቶ አሳለፈ። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ ዶላሩ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ያው ሰው 7,700 ዶላር ገደማ ያለው ሆነ። ከዓመት በኋላ ዶላሩን በ135 ብር ብናሰላው 4,313 ዶላር ይቀረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሂሳቡ አምስት ሳንቲም አልወጣም። ደብዳቤዎቹ ሦስቱም እውነተኞች ናቸው፤ ሦስቱም ላይ ኃላፊነት የወሰደ የለም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ወረቀቱ ነው። የጥናቱ ዋና ጭብጥ ግን ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ነው። በሰፈሩ እምነት ሂሳብ ውስጥ «የሚታይ ብር» ያስፈልጋል፤ ከሌለም ለጊዜው ይሰበሰባል። ይህ ድርጊት «ማሳየት» ይባላል። የተሰበሰበው ገንዘብ ለሰርግ እንደተዋሱት ወርቅ ነው፦ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሰኞ ይመለሳል።

አንድ ጉዳይ ከመነሻው እንከተል። መርካቶ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች እንበል። ፍራንክፈርት ያለችው ታናሽ እህቷ ልትወልድ ነው፤ ሄዳ ሃያ ቀን ልታርሳት ፈለገች። በሂሳቧ 182,350 ብር አለ። የስድስት ወሩ ስቴትመንት ሲታይ የሱቅ ኑሮ ነው፦ ስምንት ሺህ ገባ፣ አምስት ሺህ ወጣ፣ ለአከፋፋይ ሠላሳ ሺህ ተከፈለ፣ መብራት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ እንደገና ዘጠኝ ሺህ ገባ። ቀሪው ከ140,000 በታች አይወርድም፣ ከ190,000 በላይም አይወጣም። አሰልቺ ስቴትመንት ነው፤ ለቆንስላ ሠራተኛ ደግሞ ከአሰልቺ ስቴትመንት የሚበልጥ ደስታ የለም።

አማካሪዎቿ ግን አልተደሰቱም። አንዷ ጎረቤት «ግማሽ ሚሊዮን ከሌለሽ በሩንም አትርገጪ» አለቻት። የአክስት ልጅ በበኩሉ ከሰባት መቶ ሺህ በታች ይዞ ተስቆበት የተመለሰ ሰው እንደሚያውቅ መሰከረ። የዚህን ቁጥር ምንጭ መፈለግ አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላ ይመራል፣ የመጨረሻው ደግሞ አሜሪካ ሄዷል። በወረቀት የሚገኘው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ጀርመን ሌላ ማስረጃ ለሌለው ጎብኚ እንደ መነሻ የምትጠቅሰው በቀን 45 ዩሮ ነው። ለሃያ ቀን 900 ዩሮ ይመጣል፤ ዩሮውን በ155 ብር ብናስብ 139,500 ብር መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ይህ አላት፤ ከዚህም በላይ አላት። ትኬትና ኢንሹራንስ ለብቻው ቢሆንም በሒሳብ ደረጃ ነገሩ የተዘጋ ነበር።

ሒሳብ ግን ከጎረቤት አይበልጥም። የዚያን ሳምንት ለወንድሟ የዕቁብ ዕጣ ደርሶት ነበር። ማክሰኞ ዕለት 400,000 ብር ወደ ሂሳቧ አስገባላት። «እታለም፣ ሰኞ ጠዋት ግን እፈልገዋለሁ፤ ዕቃ አዝዣለሁ» አላት። ሐሙስ ደብዳቤውን አስጻፈች፦ 582,350 ብር፣ በአሃዝም በፊደልም፣ ከዶላር አቻው ጋር። ሥራ አስኪያጁ ሲፈርም ራሱ ቀና ብሎ አያት። ቲተሩ ጠለቅ ብሎ ተመታ፤ ማኅተሙ የፊርማውን ጫፍ ነክቶ አረፈ። ውብ ደብዳቤ ነበር። ሰኞ ገንዘቡ ተመለሰ።

ችግሩ ከደብዳቤው ጋር የስድስት ወሩ ስቴትመንት መያያዙ ነው። ደብዳቤው የመጨረሻውን ምሽት ብቻ ያውቃል፤ ስቴትመንቱ ግን ሁሉንም ያወራል፣ ወሬውም በቀን የተደረደረ ነው። ስቴትመንቱ ሐሙስ ስለወጣ ገንዘቡ ሰኞ መውጣቱን አያሳይም። ማክሰኞ መግባቱን ግን ያሳያል፤ ስምንት ሺህና ዘጠኝ ሺህ ሲመላለስበት በኖረ ሂሳብ መካከል 400,000 ብቻውን ቆሟል። አንባቢው የቀረውን ለመገመት ሰኞን መጠበቅ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አማካይ ቀሪ ሂሳብ የሚባለውን መሣሪያ ማስተዋወቅ ይገባል። 400,000 ብር ስቴትመንቱ ላይ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ቢታይ፣ በ180 ቀን ሲካፈል የስድስት ወሩን አማካይ ከፍ የሚያደርገው በ6,667 ብር ብቻ ነው። ወንድምየው የዕቁቡን ዕጣ፣ እንቅልፉንና ለአቅራቢው የሰጠውን ቃል አስይዞ ለእህቱ ያበረከተላት ሀብት በተጨባጭ ይህን ያህል ነው። ስድስት ሺህ ብሩን በጥሬው ቢሰጣት ኖሮ አራስ ጥሪ ትገዛበት ነበር።

እንግሊዞች ይህን ልማድ የሚያውቁት ይመስላል። ለተማሪ ቪዛ የሚቀርብ ገንዘብ 28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል በሂሳብ መቀመጥ አለበት ብለው ጽፈውታል፤ ማስረጃውም ማመልከቻው በገባበት ቀን ከ31 ቀን በላይ የሞላው መሆን የለበትም። በሃያ ሰባተኛው ቀን ለአንድ ምሽት እንኳ ከተጠየቀው በታች ከወረደ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። አበዳሪ ወንድም ለስድስት ቀን ይገኛል፤ ለ28 ቀን የሚገኘው ግን ወንድም ሳይሆን አራጣ አበዳሪ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ለጎብኚ ቪዛ ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ቃለ መጠይቁ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ አመልካቹ በፕላስቲክ ፋይል አቅፎ የመጣውን ደብዳቤ ቆንስሉ ሳያየው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ያንን ፋይል ሳይከፈት ይዞ መመለስ ያለው ስሜት የተለየ ጥናት ይጠይቃል።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። መልሱ ቶሎ አልመጣም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የተለመደውን የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል፤ አባል አገሮች አንዳንድ አመልካቾችን ከደጋፊ ማስረጃ ነፃ የሚያደርጉበትን ዕድል ዘግቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አስቁሟል። ስለዚህ የአንድ ምሽት እውነት የያዘው ደብዳቤ ለሳምንታት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ገንዘቡ ለስድስት ቀን የኖረበት ደብዳቤ ከገንዘቡ በብዙ ዕጥፍ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

በመጨረሻ የመጣው ወረቀት ለሁሉም የሸንገን አገሮች አንድ ዓይነት የሆነው የእምቢታ ቅጽ ነው። ምክንያቶቹ አስቀድመው ታትመዋል፤ ሠራተኛው ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሁለት ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። አንዱ ለቆይታዋ የሚበቃ መተዳደሪያ ገንዘብ በማስረጃ አላረጋገጠችም ይላል። ሌላው ቪዛው ሳያበቃ ስለ መመለሷ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለ ይላል። 139,500 ብር በሚበቃበት ጉዳይ 582,350 ብር አሳይታ «አልበቃም» ተባለች። ነገሩ የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ገንዘብ ስንት ቢሆን አይቆጠርም። ደግሞም 400,000ው ብቻውን አልሄደም፤ 182,350ውንም ይዞት ሄደ። አንዱ መስመር የተጠረጠረበት ስቴትመንት ሌላው መስመር በነፃ አይለቀቅም። የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ፣ በዚያው ስሌት 13,950 ብር፣ አይመለስም።

ጎረቤቷ ስትሰማ «አላልኩሽም? ሰባት መቶ ሺህ ማድረግ ነበረብሽ» አለች።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ያስገባችው ብሩን እንዳለ ትታ ነው። ያን ጊዜ 191,200 ብር ነበራት፤ ደብዳቤው 191,200 ብር አለ። የጨመረችው ገንዘብ ሳይሆን የገንዘቡን አመጣጥ ነው፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የሱቁ ኪራይ ውል። እህቷም እዚያው ያለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ ደመወዟን አሳይታ «ወጪዋን እኔ እችላለሁ» የሚለውን የጀርመኖች የግዴታ ሰነድ ፈርማ ላከችላት። ይህኛው ሰነድ ከባንኩ ደብዳቤ በአንድ ነገር ይለያል፤ የፈረመው ሰው ይጠየቅበታል። ቀድሞ የተከለከለች መሆኗንም አልደበቀችም፤ ብትደብቀውም ሲስተማቸው ላይ አለ።

ቪዛው ወጣ። አንድ ጊዜ የሚያስገባ ነው፤ ቀኑም ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ሕፃኑ ተወልዶ ከርሟል፤ ማረሱ ቀርቶ ክርስትናው ላይ ትደርሳለች።

ፓስፖርቷንና ትኬቷን ይዛ ወደ ባንኩ ሄደች። ሁለት ጊዜ የዶላር አቻ ጽፎ የሰጣት ልጅ ከመስኮቱ ኋላ ነበር፤ አወቃት፣ ፈገግም አለላት። ለመንገድ የሚሆን ምንዛሪ እንደምትፈልግ ነገረችው። ቪዛውን ገልጦ አየ፣ ትኬቱን አየ፣ የሁለቱንም ኮፒ ጠየቃት። ከዚያ ነጭ ወረቀት አንሥቶ በመስኮቱ ሥር አሾለከላት።

«ማመልከቻ ይጻፉልኝ፣ እቴቴ።»